በቻናላችሁ ስም ገንዘብ የሚሰበስበውን አስመሳይ ስለመለየትና ተመልካችን ስለማስጠንቀቅ

ጥያቄ፦ «የሃይማኖት ትምህርት የምናስተላልፍበት የዩቲዩብ ቻናልና የቴሌግራም ገጽ አለን። ሰሞኑን አንዲት እናት የላክሁት ገንዘብ ደረሳችሁ ወይ ብለው ጻፉልን፤ እኛ ግን ገንዘብ ላኩ ብለናቸው አናውቅም። ስናጣራ ስማችንንና ፎቷችንን ወስዶ በራሱ ሒሳብ ቁጥር መዋጮ የሚሰበስብ ሌላ ቻናል አገኘን። ተመልካቾቻችን እንዴት ይለዩት? እኛስ ሳናስደነግጣቸው እንዴት እናስጠንቅቃቸው?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የእኒያን እናት ጉዳይ ዛሬውኑ ያዙት፤ ስለ ቻናሉ የምለው ሁሉ ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል። የተላከ ገንዘብ ሊታገድ የሚችለው በተቀባዩ ሒሳብ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ አጭበርባሪዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ በገባበት ዕለት ያወጡታል ወይም ወደ ሌላ ሒሳብ ያሻግሩታል። ስለዚህ እናቲቱ ገንዘቡን ለመላክ ወደ ተጠቀሙበት ባንክ ወይም የገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎት ራሳቸው ደውለው በማታለል የተፈጸመ ክፍያ መሆኑን ያስመዝግቡ፤ ባንኩ የተቀባዩን ባንክ እንዲያሳውቅና ገንዘቡ እንዲያዝ እንዲጠይቅም ያመልክቱ። ባንክ እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚቀበለው ከሒሳቡ ባለቤት ነውና እናንተ በእርሳቸው ስም መደወል አትችሉም፤ ነገር ግን የሚያስፈልጋቸውን አዘጋጅታችሁ ልትሰጧቸው ትችላላችሁ። የሚያስፈልገውም የተላከበት ቀንና ሰዓት፣ መጠኑ፣ የተቀባዩ ሒሳብ ቁጥር፣ በደረሰኙ ላይ የወጣው ስምና የግብይቱ መለያ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ለፖሊስ ያመልክቱ። ገንዘቡ እንደሚመለስ ቃል አትግቡላቸው፤ ከወጣ በኋላ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ንገሯቸው፦ በሚቀጥሉት ቀናት «የተወሰደብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን፣ ለሂደቱ ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የላከ ሰው ስልክና ስም በአጭበርባሪው እጅ ስላለ ሁለተኛው ጥሪ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያው ሰው ወይም ከግብረ አበሩ ነው።

እናቲቱ ከአስመሳዩ ጋር የተጻጻፉትን እንዳያጠፉ፣ እንዳይሰድቡትም ንገሯቸው። ሲነቃበት የጻፈውን ሁሉ አጥፍቶ፣ ስሙን ቀይሮ ይሰወራል። እናንተም የሐሰተኛውን ቻናል ሪፖርት ከማድረጋችሁ በፊት ማስረጃውን ሰብስቡ፤ ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ቻናሉ በተዘጋ ማግስት ፖሊስም ባንክም «የታለ?» ሲሉ የሚያሳዩት ይጠፋል። በስክሪንሾቱ ላይ የቻናሉ ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻው፣ ቀኑና የሒሳብ ቁጥሩ በአንድነት እንዲታዩ አድርጉ፤ ቪዲዮ ከሆነም በሌላ ስልክ ማያ ገጹን እየቀረጻችሁ ከመጀመሪያው እስከ ሒሳብ ቁጥሩ ድረስ አሳዩ። የዩቲዩብ ቻናል ከሆነ በ @ የሚጀምረውን የቻናሉን መጠሪያ ብቻ አትመዝግቡ፤ እርሱ በየጊዜው ሊለወጥ ይችላል። የማይለወጠው በ UC የሚጀምረው የቻናሉ መለያ ነው፤ አድራሻው እንዲህ ያለ መልክ አለው።

```
https://www.youtube.com/channel/UC...
```

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። አስመሳዩ እናንተን አስቀድሞ አግዷችሁ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ በፌስቡክ፣ ከራሳችሁ አካውንት ፈልጋችሁ «ምንም የለም» ብላችሁ አትደምድሙ። ቻናሉን በማያስተዳድር ሰው ስልክ ፈልጉት።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። በመጀመሪያ ይህ ሰው እናቲቱን ከየት እንዳገኛቸው መረዳት ይገባል። ሐሰተኛው ቻናል ተቀምጦ ሰው እስኪመጣለት የሚጠብቅ ይመስላል፤ በሥራዬ ካየኋቸው ግን አብዛኞቹ እንዲህ አይደሉም። ሰዎቹን የሚያገኛቸው በእናንተው ቪዲዮ ሥር ነው። በሃይማኖት ቻናል የአስተያየት ቦታ ላይ ሰዎች ሌላ ቦታ የማይጽፉትን ይጽፋሉ፤ የታመመ ልጃቸውን፣ የፈረሰ ትዳራቸውን፣ ያጡትን ሥራ እየዘረዘሩ ጸሎት ወይም ዱዓ ይለምናሉ። አስመሳዩ የእናንተን ምስልና ስም በለበሰ አካውንት ከሥራቸው ገብቶ «ልመናሽን አይተነዋል፣ መምህራችን በስምሽ ይጸልያሉ፣ በዚህ ቁጥር በውስጥ መስመር ጻፊልን» ይላል። በቴሌግራምም ከቻናሉ ጋር በተያያዘው የውይይት ግሩፕ ውስጥ አባል ሆኖ ይቀመጥና የአባላቱን ዝርዝር እየተመለከተ ለየብቻ ይጽፍላቸዋል። መዋጮው የሚመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ስለ ልጁ ጤና ከተጠየቀና እምነት ከተገኘ በኋላ ነው። ሐሰተኛው ቻናልም የሚያገለግለው ተመልካቹ ሲጠራጠር አስመሳዩ «ይኸው ገጻችን» ብሎ የሚያሳየው ማረጋገጫ ሆኖ ነው።

ይህ ምን ይለውጣል ብትሉ፣ ብዙውን ነገር ይለውጣል። ተመልካቹ ሁለቱን ቻናሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነጻጽርበት ጊዜ የለውም፤ ያዘነ ሰው ነው፣ መልስ አግኝቷል፣ ደስ ብሎታል። ከእርሱ የምስል ምርመራ መጠበቅ አይገባም። የመለየቱ ሥራ በዋናነት የእናንተ ነው፤ ለተመልካቹ ደግሞ መልክን ማየት የማይጠይቅ፣ ገንዘብ በሚልክበት ቅጽበት የሚሠራ አንድ ማጣሪያ መስጠት አለባችሁ።

እናንተ በምትለዩበት ጊዜ ከስሙ ጀምሩ። የቻናል ስም በዩቲዩብም በቴሌግራምም ለማንም የተከለከለ አይደለም፤ ሁለት ቻናሎች አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ። በእኛ ፊደል ደግሞ ለአስመሳይ የሚመች ነገር አለ፤ ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላት አሉን። ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአንባቢ ዓይን ያው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፈጽሞ የተለያዩ ሆሄያት ናቸው። ስማችሁ «ሰላም» የሚል ቃል ካለበት እርሱ «ሠላም» ብሎ ይጽፈዋል፤ ተከታያችሁም ራሱ አንዳንዴ እንደዚያ ስለሚጽፈው ምንም አይጎረብጠውም። ው እና ዉ ደግሞ በትንሽ ስልክ ማያ ላይ ጨርሶ አይለዩም። በላቲን ፊደል በሚጻፈው የቴሌግራም ዩዘርኔም ላይም ትልቁ I እና ትንሹ l አንድ መስለው ይታያሉ፤ አንዲት ሰረዝ ወይም ቁጥር መጨመርም የተለመደ ነው። ስለዚህ ስማችሁን በየሳምንቱ ስትፈልጉ በእናንተ አጻጻፍ ብቻ ሳይሆን በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ ፈልጉ። ስምንት ወይም ዐሥር ዓይነት አጻጻፍ በወረቀት ላይ አውጥታችሁ ለአንድ ሰው ኃላፊነቱን ብትሰጡ ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ቀጥሎ የሚያጋልጠው የጊዜ አሻራ ነው፤ ይህን ከአንድ አጋጣሚ ጋር ባስረዳ ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሃይማኖታዊ ቻናል አዘጋጆች እርዳታ ጠየቁኝ፤ የታመመ ሰው ለማሳከም በቀጥታ ስርጭት መዋጮ እያሰባሰቡ ነበር። በሦስተኛው ቀን በስማቸው የተከፈተ የቴሌግራም ቻናል ተገኘ። የተከታዩ ቁጥር ከእነርሱ ጋር ይቀራረባል፤ የልጥፎቹም ብዛት እንደዚሁ፤ ትምህርቶቹ፣ ጥቅሶቹና የበዓል መልካም ምኞቶቹ ሁሉ አሉ። በፊት ለፊት ያየው ሰው የዓመታት ቻናል ነው ይላል። ወደ ላይ እየሳብን እስከ መጀመሪያው ልጥፍ ስንሄድ ግን ቻናሉ የተፈጠረበት ቀን መዋጮው በተጀመረ ማግስት ሆኖ አገኘነው፤ የበዓል መልካም ምኞቶቹም ሳይቀሩ ሁሉም የተለጠፉት በዚያው አንድ ሌሊት፣ በደቂቃዎች ልዩነት ነበር። የተመልካች ቁጥራቸውም እንግዳ ነበር፤ የእውነተኛ ቻናል ልጥፎች አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ተመልካች ሲኖራቸው የእርሱ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ቁጥር ነበራቸው፤ ይህም የተገዛ ተመልካች ምልክት ነው። አስተያየት መስጫውም ተዘግቷል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው «ይህ ሐሰት ነው» ብሎ ቢጽፍ ሁሉም ያነበዋል።

በፌስቡክ ይህን አሻራ ማግኘት ይቀላል፤ Page transparency በሚለው ክፍል ገጹ የተፈጠረበት ቀን፣ ቀድሞ የነበሩት ስሞችና የሚያስተዳድሩት ሰዎች ያሉበት አገር ይወጣል። ትናንት የሸቀጥ መሸጫ የነበረ ገጽ ዛሬ የሰባኪ ስም ይዞ ከተገኘ ነገሩ አልቋል። በዩቲዩብ የቻናሉ ዝርዝር መረጃ የተከፈተበትን ቀን ያሳያል፤ የቀድሞ ስሙን ግን አያሳይም። እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ፦ አጭበርባሪዎች የቆየ ቻናል ገዝተው ስሙን ስለሚቀይሩት፣ አዲስ ቀን ሐሰተኛነትን አጥብቆ ይጠቁማል እንጂ አሮጌ ቀን እውነተኛነትን አያረጋግጥም። የማረጋገጫ ምልክቱንም ቢሆን ለተመልካቾቻችሁ እንደ መለያ አትስጡ። በዩቲዩብ ምልክቱን ለመጠየቅ 100,000 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል፤ እናንተ ከሌላችሁ «ምልክቱን እዩ» ማለት ራሳችሁን ሐሰተኛ ማድረግ ነው። ቢኖራችሁም አስመሳዩ ምልክቱን በፕሮፋይል ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ስሎ ያስገባዋል።

ያ ቻናል ከትምህርቶቹ በተጨማሪ የአዘጋጆቹን የቀጥታ ስርጭት ቅጂ ለጥፎ ነበር። መምህሩ በራሳቸው ድምፅ ስለ ታማሚው ይናገራሉ፤ የተለወጠው ከሥር ያለው የሒሳብ ቁጥር የተጻፈበት ሰቅ ብቻ ነው። አስተውሎ ላየው ምልክቶች ነበሩት፤ ካሜራው ሲቀየር ዋናው ምስል ሲደበዝዝ ሰቁ ጥርት ብሎ ይቀራል፣ የፊደሉ ቅርጽ ከቀሪው ጽሑፍ ይለያል፣ መምህሩ በቃል የተናገሩት የባንክ ስምም ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። ይህን የመጨረሻውን ያገኘነው ድምፁን ደጋግመን በማዳመጥ ነው፤ አስመሳዩ ግን ብዙውን ጊዜ ያን ክፍል ይቆርጠዋል። ከዚያ የተማርነው፣ ቁጥሩን ሰቅ ላይ ከመጻፍ ይልቅ የሒሳቡን ባለቤት ሙሉ ስም በንግግሩ መካከል ደጋግሞ መናገር እንደሚሻል ነው። ሰቅ በደቂቃ ይሸፈናል፤ በአንድ ሰዓት ስርጭት ውስጥ ስድስት ጊዜ በቃል የተነገረን ስም ግን ስርጭቱን ሳይበጣጥስ ማውጣት አይችልም። የኪውአር ኮድ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሰው በዓይኑ ሊያነበው ስለማይችል ሲቀየር ማንም አያውቅም።

ይህም ተመልካቹ ወደሚያስፈልገው ማጣሪያ ያደርሰናል፤ እርሱም የተቀባዩ ስም ነው። ብዙ የባንክና የሞባይል ክፍያ መተግበሪያዎች ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ ክፍያውን ከማጽደቃችሁ በፊት የሒሳቡን ባለቤት ስም ያሳያሉ። አስመሳዩ ሥዕላችሁን፣ ድምፃችሁን፣ ስማችሁን ሊወስድ ይችላል፤ በማኅበራችሁ ወይም በድርጅታችሁ ሕጋዊ ስም የባንክ ሒሳብ መክፈት ግን እጅግ ይከብደዋል። ደካማ ጎኑ ይህ መሆኑን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይከላከልበታል፤ ከላይ በነገርኳችሁ ቻናል ላይ «የድርጅቱ ሒሳብ በመዘጋቱ ለጊዜው በገንዘብ ያዣችን ስም ላኩ» የሚል ማስታወቂያ ነበረ። ተመልካቹ የግለሰብ ስም ሲወጣበት «አዎ፣ ብለዋል» ብሎ አለፈው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያችሁ «ስሙን እዩ» ብቻ ካለ በቂ አይደለም፤ ሰበቡንም አብሮ መዝጋት አለበት። በግለሰብ ስም ለጊዜውም ቢሆን እንደማትቀበሉ፣ ሒሳብ የምትለውጡ ቢሆን እንኳ ለውጡ በመምህሩ በራሳቸው በዋናው ቻናል በቀጥታ ስርጭት ካልተነገረ እንደማይጸና አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስሙን የማያሳይ መተግበሪያ የሚጠቀሙ ተመልካቾች በቅድሚያ ትንሽ ልከው በደረሰኙ ላይ የወጣውን ስም እንዲያነቡ ምከሩ። ስሙም ሙሉ በሙሉ መግጠም አለበት፤ አንድ ቃል ጨምሮ ወይም ቀንሶ የሚመሳሰል ስም ያለው ሒሳብ አይቻለሁና።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ልናገር ይገባኛል። እናንተ ራሳችሁ መዋጮ የምትቀበሉት በአንድ አገልጋይ የግል ሒሳብ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም፤ ከዚህም በላይ ተመልካቾቻችሁን በማያውቁት ግለሰብ ስም መላክን እያስለመዳችኋቸው ነው። የሰውየው ታማኝነት እዚህ ውስጥ አይገባም። በሕጋዊ ድርጅት ስም ሒሳብ እስክትከፍቱ ድረስ መዋጮ ባታሰባስቡ እመርጣለሁ፤ የማይቻል ከሆነም ከአንድ ሰው በላይ የሚፈርምበት የጋራ ሒሳብ ይሁን፣ የፈራሚዎቹም ስም በግልጽ ይነገር።

ወደ ማስጠንቀቂያው ስንመጣ፣ በዚያ አጋጣሚ የሠራነውን ስሕተት ልንገራችሁ፤ ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። የሐሰተኛውን ቻናል ስክሪንሾት፣ ሒሳብ ቁጥሩም ጭምር እየታየ፣ «ከዚህ ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ከላዩ አድርገን በዋናው ገጽ ለጠፍን። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ወደዚያው ቁጥር ላኩ። ሲጠየቁ በገጻችሁ ላይ አይተን ነው አሉ፤ ምስሉን አይተው ጽሑፉን አላነበቡም። አንዱ ደግሞ ምስሉን ለዘመዶቹ ሲያስተላልፍ ማስጠንቀቂያው ተቆርጦ ቁጥሩ ብቻ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ የሐሰተኛውን ሒሳብ ቁጥርና ሊንክ በማስጠንቀቂያ ውስጥ ከቶ አላስገባም። የሐሰተኛውን ገጽ ማሳየት የግድ ከሆነ ቁጥሩ ተሸፍኖ፣ «ሐሰተኛ» የሚለው ቃል በምስሉ መካከል፣ ሊቆረጥ በማይችልበት ቦታ በትልቁ ይጻፍ። ሊንኩን መለጠፍ ሌላም ጉዳት አለው፤ ሺህ ተመልካች ሊሳደብ ሲሄድ የሐሰተኛውን ቻናል የተመልካች ቁጥር ያሳድግለታል።

የሚሻለው ማስጠንቀቂያ ስለ አስመሳዩ ጥቂት፣ ስለ እናንተ አሠራር ግን ቁርጥ ያለ ነገር የሚናገር ነው። አስመሳዩ ነገ ስሙን ሊቀይር ይችላል፤ የእናንተ ደንብ ግን ማንም ቢመጣ ይሠራል። ለሌሎች ያዘጋጀሁት እንዲህ ይላል፤ ስሙን በራሳችሁ ሞልታችሁ ተጠቀሙበት።

«በዚህ ቻናል ስም የሚሰበሰብ መዋጮ የሚገባው በ… ማኅበር ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ነው። ከመላካችሁ በፊት በስልካችሁ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ፤ ይህ ስም ካልሆነ አትላኩ። በግለሰብ ስም ለጊዜውም ቢሆን አንቀበልም። ለማንም በውስጥ መስመር ጽፈን ገንዘብ አንጠይቅም፤ ለጸሎትም ክፍያ አንቀበልም። የሒሳብ ቁጥራችን የሚገኘው በዩቲዩብ ቻናላችን መግለጫ ውስጥ ብቻ ነው።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እናንተንም ታስራለች። ቁጥሩ በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ፤ ሌሎች ገጾቻችሁ ሁሉ ወደዚያ ይምሩ እንጂ ቁጥሩን አይድገሙ። በአስተያየት ሥር ሰው «ቁጥሩን ላኩልኝ» ቢል እንኳ ቁጥሩን አትጻፉለት፤ የምታገኘው መግለጫው ላይ ነው በሉት። አንድ ጊዜ እናንተ በአስተያየት ሥር ቁጥር ከጻፋችሁ፣ ቀጥሎ የሚጽፈው አስመሳይ የእናንተን ልማድ ተከተለ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ብቻ አታስቀምጡ። የሃይማኖት ቻናል ተመልካች ብዙው አድማጭ ነው፤ ስልኩን አስቀምጦ ሥራውን እየሠራ ይሰማል፣ ከአረጋውያኑም ጽሑፉን የማያነቡ ብዙዎች ናቸው። መምህሩ በየስርጭቱ መጀመሪያ፣ ተረጋግተው፣ በሃያ ሰከንድ ይናገሩት። በየጊዜው የሚነገር ደንብ ማንንም አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው ለወራት ዝም ተብሎ ድንገት «ተዘረፋችሁ» ሲባል ነው። ቃላቱም በየጊዜው አንድ ይሁኑ፤ ሰው የሚያስታውሰው የተደጋገመውን ነው። የተታለሉትን ሰዎች ግን በስርጭት ላይ በምሳሌነት አታንሱ። እነርሱ ካፈሩ ቀጣዩ የተታለለ ሰው አይነግራችሁም፤ እናንተም የምታውቁት ሌላ እናት ሲጠይቋችሁ ብቻ ይሆናል።

የአስተያየት ቦታውን በተመለከተ፣ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ቅንብር ውስጥ ሊንክ ያለባቸው አስተያየቶች ለማረጋገጫ እንዲቆዩ ማድረግ ይቻላል፤ Blocked words በሚለው ሳጥን ውስጥ ያስገባችኋቸው ቃላት ያሉባቸው አስተያየቶችም እንዲሁ ሳይታዩ ይቆያሉ። ቃላቱን ስታስገቡ ቅድም ያልኩትን የፊደል ልዩነት አትርሱ፤ ማሽኑ ለእያንዳንዱ አጻጻፍ ለየብቻ ካልነገራችሁት አያውቀውም።

```
ዋትሳፕ, ዋትስአፕ, ሂሳብ, ሒሳብ, አካውንት, አካዉንት, በውስጥ, በዉስጥ
```

ይህ ሁሉንም አይዝም፤ አጭበርባሪው ስልክ ቁጥሩን በየመካከሉ ነጥብ እያስገባ ወይም ዜሮን በፊደል እየተካ ይጽፋል። ስለዚህ ቪዲዮ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንድ ሰው አስተያየቶቹን ይመልከት፤ አስመሳዮች የሚሯሯጡት ያኔ ነው። ለተመልካቾቻችሁም ይህን ማሳየት ትችላላችሁ፦ በራሳችሁ ቪዲዮ ሥር እናንተ ስትጽፉ የቻናላችሁ መጠሪያ በጥላ ሳጥን ውስጥ ይወጣል፤ ሥዕላችሁን የለበሰው ሰው ግን ይህን ሳጥን ሊያገኝ አይችልም። በቴሌግራም የውይይት ግሩፕ ውስጥም የእውነተኛ አድሚን መልእክት የአድሚን መለያ ይዞ ይወጣል። በግል መልእክት ውስጥ ግን ይህ መለያ የለም፤ አጭበርባሪው ሰውን ከግሩፑ ወደ ግል መስመር የሚስበውም ስለዚህ ነው። የግሩፑን የአባላት ዝርዝር መደበቅ ከተቻላችሁ ዛሬውኑ ደብቁት።

ሪፖርቱን ስታቀርቡ የተከታዮቻችሁን ሠራዊት አታሰልፉ። የተሟላ ማስረጃ ያለው አንድ ሪፖርት ምክንያቱን ካልገለጹ መቶ ሪፖርቶች ይበልጣል። በዩቲዩብ በቻናሉ ዝርዝር መረጃ ውስጥ ባለው የሪፖርት ምልክት ገብታችሁ ማስመሰል የሚለውን ምክንያት ምረጡ፤ ሕጉ የቻናሉ መልክ በሙሉ አንድ እንዲሆን አይጠይቅም፣ ሌላውን ለመምሰል የታሰበ መሆኑ ግልጽ ከሆነ ይበቃል። በቴሌግራም ደግሞ ለማስመሰል ጥቆማ የተዘጋጀው ኦፊሴላዊ አድራሻ @notoscam ነው። የራሳችሁን ቪዲዮ ቀድቶ ከለጠፈ ግን በዩቲዩብ የቅጂ መብት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፤ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ሊዘጋ ይችላል። በዚያ ቅጽ ላይ ለለጣፊው 7 ቀን የሚሰጥ አማራጭ አለ፤ ለአጭበርባሪ አትምረጡት፣ ሰባት ቀን ለእርሱ ብዙ ገንዘብ ነው። የቅጂ መብት ባለቤትነቱ የእናንተ መሆኑን ግን እርግጠኛ ሁኑ፤ የሌላ ሰው መዝሙር ወይም ነሺዳ ያለበትን ክፍል የኔ ነው ማለት ወደ እናንተው ይመለሳል። የቅጂ መብቱ ባለቤት ተብሎ የሚሞላው ስም ለሌላው ወገን እንደሚታይም ዕወቁና በዚያ ቦታ የግለሰብ ሳይሆን የድርጅቱን ስም ሙሉ፤ ፊርማው ግን የአመልካቹ ሰው ሙሉ ሕጋዊ ስም መሆን አለበት።

ከዚሁ ጋር፣ ትምህርቶቻችሁን ከፍቅር የተነሣ ቆርጠው የሚለጥፉ ሰዎች መኖራቸው አይቀርም። መለያው ገንዘብ ነው፤ ሒሳብ ቁጥር ወይም «በውስጥ ጻፉልን» የሚል ጥሪ ከሌለበት በመጀመሪያ ጽፋችሁ ጠይቁት፣ በስሙ ውስጥ የእናንተ ዋና ቻናል አለመሆኑን እንዲገልጽም አድርጉ። ቸኩላችሁ ካዘጋችሁበት ነገ የሐሰተኛውን ቻናል የሚጠቁማችሁን ሰው ታጣላችሁ፤ ለአዘጋጆች የሚደርሰው የመጀመሪያ ጥቆማ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሰዎች ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ስማችሁን ወይም መጠሪያችሁን ለመቀየር ታስቡ ይሆናል፤ አታድርጉት። በዩቲዩብ የተቀየረ መጠሪያ ለ14 ቀናት ይያዝላችሁና ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፤ የለቀቃችሁትን የቴሌግራም ዩዘርኔምም ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። ያን ጊዜ ባለፉት ዓመታት በየቪዲዮው መግለጫ፣ በየግሩፑና በየወረቀቱ የበተናችሁት ሊንክ ሁሉ ወደ አስመሳዩ ይመራል። ቀድሞ የለወጣችሁት ስም ካለም ዛሬ ፈልጉት፤ ነጻ ከሆነ ባዶ ቻናል ከፍታችሁ በእጃችሁ አስገቡት፣ ወደ እውነተኛው ገጽ የሚመራ አንዲት ልጥፍም አስቀምጡበት፤ ተይዞ ከሆነ ደግሞ ያ ስም ያለባቸውን የድሮ መግለጫዎቻችሁን አንድ በአንድ አርሙ።